በቀብድ የተያዘ ዕቃ፦ ደብተራችንና ደንበኛው በቀሪው 22,500 ብር ተለያዩ

ጠባሴ አናጢ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የሠርግ የመኝታ ቤት ዕቃ ነው፤ ባለ አራት በር ቁም ሳጥን፣ አልጋና ሁለት ኮመዲኖ፣ በ120,000 ብር የተያዘ። መጋቢት 3 ቀን 40,000 ቀብድ ተቀብለናል። ከዚያ በኋላ 15,000 በቴሌብር፣ 20,000 በባንክ ገባ። መሐል ላይ ደንበኛው ሁለቱ የቁም ሳጥን በሮች መስታወት ይሁኑልኝ ስላለ 9,000 ጨመርን። ዕቃው የሚወርደው ሸዋ ሮቢት በመሆኑ የአይሱዙ 3,500 አለ።

በእኛ ደብተር ቀሪው 57,500 ነው። ደንበኛው ግን «የቀረኝ 35,000 ብቻ ነው» ይላል። ሠርጉ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ዕቃው ቀለም ላይ ደርሷል። የደብተሩ ድምር ልክ ነው። እንዲህ ሲሆን ከየት ይጀመራል? ለወደፊቱስ ቀብድና ቀሪ እንዴት ቢያዝ ነው ሰው የማያቀያይመው?

የጣርማበር ልጅ

ምን ያጠያይቃል ወንድሜ! ቀብድ ሰጥቶ የተወ ሰው ቀብዱ ይበላበታል፣ ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። «57,500 አምጣ፣ ካላመጣህ ቀብድህን እርሳው» በሉት። ካንገራገረ ለሌላ ሽጡት። በሠርግ ወቅት አልጋና ቁም ሳጥን ገዢ አያጣም።

መዝጋቢው

ቀስ በሉ፣ ገና እዚያ አልተደረሰም። መጀመሪያ ልዩነቱን ፍቱት።

ከ57,500 ላይ 35,000 ሲቀነስ 22,500 ይቀራል። ይህ ቁጥር ከምን ከምን እንደተሠራ ተመልከቱ። መስታወቱ 9,000፣ አይሱዙው 3,500፣ ሁለቱ አንድ ላይ 12,500 ናቸው። የሚተርፈው ድፍን 10,000 ነው። ድምሩ ልክ ነው ካላችሁ የመደመር ስህተት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍያ ሳይመዘገብ ቀርቷል ወይም ሌላ ሰው ገጽ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው። በሠርግ ዕቃ ላይ ወንድምም እህትም አጎትም ስለሚያግዝ፣ ብሩ የሚገባው በደንበኛው ስም ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ከደንበኛው ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ከመጋቢት 3 ወዲህ ያለውን የባንክና የቴሌብር እንቅስቃሴ አውጡና ድፍን 10,000 ፈልጉ። ስም አትፈልጉ፣ መጠኑን ፈልጉ።

ጠባሴ አናጢ ቤት

ተገኘ! በባንክ 10/04 የሚል ቀን ያለው 10,000 ገብቷል፣ ላኪው የሙሽራው ወንድም ሆኖ ተገኘ። ደብተር ላይ በታኅሣሥ ወር በተያዘ የሌላ ሰው የሶፋ ትዕዛዝ ሥር ተጽፎ ነበር።

መዝጋቢው

ይህ ስህተት በየሱቁ አለ፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ባንኩ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 10/04 ማለት ኤፕሪል 10 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 2። ደብተር የሚጽፈው ልጅ ደግሞ 04ን አራተኛው ወር ብሎ ታኅሣሥ ያደርገዋል። ብሩ በሌላ ሰው ስም ከመጣ የሚያርመው ነገር የለም። እንግዲህ ያ የሶፋ ደንበኛም በእናንተ መዝገብ 10,000 አላግባብ ቀንሶለታል ማለት ነው፣ የእሱንም ገጽ ዛሬውኑ አስተካክሉ።

አሁን ደብተራችሁ 47,500 ይላል፣ ደንበኛው 35,000። የቀረው 12,500 የሒሳብ ጉዳይ አይደለም፣ የስምምነት ጉዳይ ነው። «መስታወቱና ማጓጓዣው በዋጋው ውስጥ ናቸው ወይስ ከዋጋው ውጭ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነው የቀረው። ወደ ደንበኛው ስትሄዱ ይህን ለይታችሁ ሂዱ። መጀመሪያ «የወንድምህን 10,000 አግኝተናል፣ ይቅርታ» በሉ፣ ከዚያ ስለ ሁለቱ ተነጋገሩ። «57,500 አለብህ» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ወንድሙ የላከበትን መልእክት ከስልኩ አውጥቶ ያሳያችኋል። ከዚያ በኋላ ስለ መስታወቱ የምትሉትንም አያምናችሁም።

ወደፊት ለሚያዘው ደግሞ የምመክረው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ቁጥር ስጡ፣ ገንዘብ የሚነካ ነገር ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር አንድ መስመር ይሁን። ዋጋና ጭማሪ በመደመር፣ ክፍያ በመቀነስ ይጻፋል። ቀሪው በእጅ አይጻፍም፣ ከመስመሮቹ ይወጣል። የእናንተ ገጽ እንዲህ ይሆን ነበር፦

```
ቁጥር   ቀን         ዓይነት    መጠን       ማስታወሻ
47    መጋቢት 3    ዋጋ      120,000   ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ 2 ኮመዲኖ
47    መጋቢት 3    ክፍያ     -40,000   ቀብድ፣ በእጅ
47    መጋቢት 18   ክፍያ     -15,000   ቴሌብር
47    መጋቢት 25   ጭማሪ    9,000     2 የመስታወት በር
47    ሚያዝያ 2    ክፍያ     -10,000   ባንክ፣ ከወንድም
47    ሚያዝያ 9    ክፍያ     -20,000   ባንክ
47    ሚያዝያ 12   ጭማሪ    3,500     አይሱዙ፣ ሸዋ ሮቢት
```

(ከቀብዱ ቀንና ከሚያዝያ 2 በቀር ሌሎቹን ቀኖች ከራሴ ነው የሞላሁት፣ አስተካክሏቸው።) በስልክ ላይ ባለ የሒሳብ ሰንጠረዥ ከያዛችሁት፣ ቁጥሩ A ዓምድ ላይ መጠኑ D ላይ ከሆነ፣ የ47 ቀሪ በዚህ ይወጣል፦

```
=SUMIF(A:A,47,D:D)
```

መልሱ 47,500 ነው። በወረቀት ደብተር ከሆነም ያው ነው፤ ለአንድ ትዕዛዝ አንድ ገጽ፣ መስመር አይሰረዝም። ስህተት ከተገኘ የሚያርም ሌላ መስመር ይጨመራል። ቀሪውን ሠርዞ ላዩ ላይ አዲስ ቀሪ መጻፍ ነው ብዙ ቤት ያጣላው። ካለፈ በኋላ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማንም ማስረዳት አይችልምና።

ስለ ቀን፦ የኢትዮጵያን ቀን በፊደል ጻፉ፣ «ሚያዝያ 2» እንጂ 2/8 አትበሉ። የባንኩን ቀን እንዳለ በማስታወሻው ዓምድ አስፍሩ።

መርፌና ክር

እኔ የልብስ ስፌት ላይ ነኝ፤ የእኛ ችግር ትንሽ ይለያል። ለማኅበር ወይም ለሚዜ 12 ቀሚስ አንድ ላይ ይታዘዛል፣ ብሩን የምታመጣው አንዷ ሰብሳቢ ናት። ቀሚሱ የሚያልቀው ግን በየተራ ነው፣ እያንዳንዷም መጥታ የራሷን መውሰድ ትፈልጋለች። ቀሪው የማን ላይ ነው የሚጻፈው?

መዝጋቢው

እትዬ፣ ይህ ከእሱ ጉዳይ ይልቅ ተንኮለኛ ነው። በቁጥር እንየው። አንዱ ቀሚስ 2,600 ከሆነ 12ቱ 31,200 ናቸው። ሰብሳቢዋ 20,000 ቀብድ አመጣች እንበል። ቀሪው 11,200 ነው።

አሁን ሰባቱ ቀሚሶች አለቁ። ሰባቱ 18,200 ያወጣሉ፣ በእጅሽ 20,000 አለ። «ተሸፍኗል» ብለሽ ሰባቱን ትሰጫለሽ። ድምሩ ሲታይ ልክ ይመስላል። ነገር ግን 20,000ውን ያዋጡት 12ቱም ናቸው። ሰባቱ ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ፣ ቀሪ ስለመኖሩም ረሱ። ለቀሩት አምስት በመዝገብሽ ላይ የተረፈው 1,800 ብቻ ነው፣ የእነሱ ልብስ ግን 13,000 ነው። 11,200ውን ከአምስቱ ልትጠይቂ ነው። «እኛም እንደ እነሱ ከፍለናል» ይሉሻል፣ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ትዕዛዙን የያዝሽ ቀን ወስኚ። ወይ ሒሳቡ የሰብሳቢዋ ነው፤ ያኔ ሙሉው ሳይከፈል አንድም ቀሚስ አይወጣም፣ ደረሰኙም በእሷ ስም ብቻ ነው። ወይም 12 የተለያየ ሒሳብ ነው፤ ትዕዛዙ ቁጥር 63 ከሆነ 63/1፣ 63/2 እያልሽ እስከ 63/12 ቁጥር ትሰጫለሽ፣ ሰብሳቢዋ ብር ስታመጣ የማን የማን እንደሆነ በስም ዝርዝር ታመጣለች። ዝርዝር የሌለውን ብር እኩል ለ12 ከፍለሽ አስገቢው። ሁለቱን መንገድ ያደባለቀ ሰው ነው የሚከስረው።

መርፌና ክር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ጨርቁን ራሳቸው ሲያመጡስ? ከመንዝ በርኖስ የሚያሰፉ አሉ፣ ባናውን ይዘው ነው የሚመጡት።

መዝጋቢው

የራሳቸውን ጨርቅ ካመጡ አንቺ የምታወጪው ገበር፣ ክርና ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ቀብዱ ያንን ከሸፈነ ይበቃል። ግን ደረሰኙ ላይ የተረከብሽውን ጨርቅ በሜትር፣ ቀለሙንና ያለበትን ጉድለት ጻፊ። በእንዲህ ያለ ሥራ ከብሩ ይልቅ «ጨርቄ ጎደለ» የሚለው ነው ጭቅጭቅ የሚያመጣው።

ማመልከቻ ጸሐፊው

የጣርማበሩ ወንድማችን ያለው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ባለሙያውን ሊያስበላ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል ወይም ይመለሳል። የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። እስከዚህ ልክ ነህ። ግን የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ጠባሴ 40,000 ተቀብሏል፣ እሱ አፍራሽ ከሆነ 80,000 ነው። ስለ ውሉ መፈጸምና መፍረስ የተባሉት «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የሚል ገደብ አላቸውና በውሉ ላይ የተጻፈው ይቀድማል።

አሁን ሁለቱ የሚከራከሩት በቀሪው መጠን ላይ ነው። ደንበኛው «ተውኩት» አላለም። እንዲህ እያለ ዕቃውን ለሌላ ብትሸጥ አፍራሹ አንተ ነህ ሊባል ነው። አንቀጽ 1772ም አለ፤ ሌላው ወገን ግዴታውን አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ቀሪውን መጠን፣ የመጨረሻውን ቀንና ዕቃው የት እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት በሁለት ቅጂ አዘጋጅና አንዱን ፈርሞ ይቀበል።

ሌላም ነገር፦ የሚያጣው ቀብድ የተባለውን ብቻ ነው። ቀጥሎ የገቡት 15,000፣ 10,000ና 20,000 የዋጋ ክፍያ ናቸው። ሁሉንም በአንድ «ቀብድ» ብሎ መብላት አይቻልም። ለዚህ ነው በደረሰኝ ላይ የመጀመሪያውን «ቀብድ»፣ የሚቀጥሉትን «የዋጋ ክፍያ» ብሎ ለይቶ መጻፍ የሚያስፈልገው።

የጣርማበር ልጅ

እጥፉን አላውቅም ነበር። ግን ስንቱ አናጢ ነው ቀብድ ተቀብሎ ስድስት ወር የሚያጉላላው፣ እጥፍ ሲከፍል ያየ አለ?

ማመልከቻ ጸሐፊው

መዘግየትና ማፍረስ አንድ አይደሉም። የማስረከቢያ ቀን በወረቀት ላይ ከሌለ ደንበኛውም ለማስረዳት ይቸገራል። ቀኑ ይጻፍ።

ሸዋ ሮቢት ሶፋ

እኔ ጥያቄውን እንደተረዳሁት በየወሩ የሚከፍል ሰው ሲዘገይ ምን ያህል ቅጣት ይጨመርበት ነው። እኛ ጋ ሶፋ በሦስት ወር ክፍያ እንሰጣለን። ማሾ ሲሸጥ እከፍላለሁ ያለ ገበሬ ማሾው ከረከሰ ይጠፋል። በየወሩ 5 በመቶ ብንጨምርስ?

መዝጋቢው

የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው ጋሼ፣ ዕቃው ገና ከእጁ አልወጣም። እርስዎ ያሉት ዕቃ ከተሰጠ በኋላ ያለ ዱቤ ነው። የወለዱን ነገር ለማመልከቻ ጸሐፊው እተዋለሁ፤ በበኩሌ ቅጣት ደብተሩን ያሳብጣል እንጂ ብሩን ሲያመጣ አላየሁም። የገበሬ ክፍያ በወር ሳይሆን በምርት ቢታሰር ይሻላል፤ ሁለት ክፍያ ብቻ፣ ዋናው እህሉ በሚሸጥበት ሰሞን።

ትዕዛዝ ላይ ላለ ዕቃ ግን ክፍያን በቀን አትሰሩት፣ በሥራው ደረጃ እሰሩት። ጠባሴ፣ ለዚህ ዕቃ ጥሬ ዕቃው ስንት ፈጀ?

ጠባሴ አናጢ ቤት

ኤምዲኤፉና የአልጋው እንጨት መጀመሪያ ላይ 41,000። ማጠፊያ፣ የመሳቢያ ሀዲድ፣ እጀታ፣ ቀለምና መስታወቱ በኋላ ወደ 27,000።

መዝጋቢው

እንግዲያው 40,000 ቀብዳችሁ መጥፎ አልነበረም፣ የመጀመሪያውን ግዢ ሊሸፍን 1,000 ብቻ ነው የጎደለው። የቀብድ ልክ «ሠላሳ በመቶ» ወይም «ግማሽ» ተብሎ አይወሰንም። ጥያቄው «ደንበኛው ነገ ቢጠፋ ምን ታቅፌ እቀራለሁ?» የሚል ነው። በሰው ቤት ግድግዳ ልክ የተቆረጠ ቁም ሳጥን ለሌላ ሰው ቤት አይገጥምም፣ ስለዚህ ጣውላው ሲቆረጥ ዋጋው ይሞታል። አልጋ ግን በተለመደ ልክ ከተሠራ ሌላ ገዢ ያገኛል። በልክ ለሚሠራ ዕቃ ቀብዱ ቢያንስ የሚቆረጠውን ጣውላ ሙሉ ዋጋ ይሸፍን።

ሁለተኛው ክፍያ ማጠፊያው፣ ሀዲዱና ቀለሙ ከመገዛታቸው በፊት ይግባ፣ ቢያንስ 27,000። የደንበኛው አካሄድ በእርግጥ ከዚህ ይበልጥ ነበር። የመጨረሻው ዕቃው ከሱቁ ሳይወጣ ይከፈላል። ደንበኛው ከዘገየ ሥራው ባለበት ደረጃ ይቆማል። ቅጣት አያስፈልግም፣ የማስረከቢያው ቀን በዘገየበት ልክ ይገፋል፤ ይህም በውሉ ይጻፍ።

በቀብዱ ጣውላውን ያኔውኑ ግዙ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ከሆነ ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በመጋቢት ዋጋው እስከ ሚያዝያ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም። ዋጋውን ለደንበኛው ቃል የምትገቡት ለገዛችሁት ዕቃ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ በሽታ ያለው። ብዙ ቤት የአዲሱን ደንበኛ ቀብድ ወስዶ የአሮጌውን ዕቃ ይጨርስበታል። አዲሱ ዕቃ ደግሞ ቀጣዩን ቀብድ ይጠብቃል። ሠርግ በሚበዛበት ወቅት ቀብድ ስለሚጎርፍ አይታወቅም። ክረምት ሲገባና ትዕዛዝ ሲቀንስ ነው ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚፈነዳው። ራሳችሁን የምትመረምሩበት መንገድ ይኸው፦ በእጅ ላይ ላለ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ደንበኛው ገና የሚከፍለውን ቀሪ፣ እናንተ ለመጨረስ ገና የምታወጡትን። 47 ቁጥር ቀሪው 47,500 ነው፣ ለማጠናቀቅ የቀረው ቀለምና አይሱዙ ይመስለኛል፣ ጤነኛ ነው። ሌላ ትዕዛዝ ግን ቀሪው 10,000 ሆኖ ጣውላው ገና ካልተገዛና ለመጨረስ 35,000 የሚፈልግ ከሆነ፣ 25,000 በልታችኋል ማለት ነው። የሁሉንም ጉድለትና ትርፍ ደምሩ፣ በእጃችሁ ያለውን ብር ጨምሩበት። ከዜሮ በታች ከሆነ አዲስ ቀብድ መቀበል የሰው ገንዘብ መበደር ነው።

መርፌና ክር

አንድ ነገር ልጨምር፤ በስልክ የሚላክ የክፍያ ፎቶ ላይ ተማምናችሁ መስመር አትጻፉ። የተቀነባበረ ፎቶና የውሸት መልእክት በዝቷል። ብሩ ከራሳችሁ ሒሳብ ላይ መግባቱን አይታችሁ፣ የንግድ ባንክ ከሆነ FT ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ያው ፎቶ ሁለት ጊዜ ሲላክም በዚህ ቁጥር ይያዛል።

ጠባሴ አናጢ ቤት

ደንበኛውን ደውለን አግኝተነዋል። መስታወቱን ተቀበለ፣ 9,000ው ላይ ክርክር የለውም፤ የረሳው ነው የመሰለው። አይሱዙውን ግን «ቤት ድረስ ነው የተባልኩት» ብሎ ቆሟል። በውሉ ወረቀት ላይ ስለ ማጓጓዣ ምንም የለም። 44,000 እከፍላለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ግን 20,000ውን ከሠርጉ በኋላ ነው የምሰጣችሁ ይላል። ዕቃው ግን ሙሽሪት ከመግባቷ በፊት መድረስ አለበት።

መዝጋቢው

በ3,500 አትጣሉ፣ ወረቀቱ ዝም ካለ ቢያንስ ግማሹን ተሸከሙ። 20,000 ቀርቶበት ዕቃው ከሱቅ እንዲወጣ ግን አልመክርም። ዕቃው አንዴ ቤት ከገባ በእጃችሁ የሚቀረው የእሱ ቃል ብቻ ነው።

ሸዋ ሮቢት ሶፋ

እዚህ ላይ አልስማማም። ለሠርግ የታዘዘ አልጋ ከሠርጉ በኋላ ለማን ይሆናል? ዋስ ያምጣ፤ አገር የሚያውቀው፣ ሱቅ ያለው ሰው። 20,000ውን በስንት ቀን እንደሚከፍል በወረቀት ይፈርሙ፣ ሁለት እማኝ ይኑር። የሠርግ ስጦታ ብር በእጁ ሲገባ ይከፍላል። እኛ እዚህ እንዲህ ነው የምንኖረው።

ማመልከቻ ጸሐፊው

ዋስ ካመጣ ወረቀቱ ላይ የዋሱ ግዴታ በብር መጠኑ ተገልጾ ይጻፍ፣ «ዋስ ነኝ» ብቻ አይበቃም። ቀሪ 20,000፣ የመክፈያው ቀን፣ ማጓጓዣው የማን እንደሆነ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ይስፈር።

መዝጋቢው

ዋሱ ቀሪ የሌለበት ሰው ከሆነ እሺ። ግን ያንን ዋስ በራሳችሁ ደብተር ቀድማችሁ ፈልጉት፤ ሁለት ሦስት ሰው ላይ የዋለ ዋስ ከዚህ በፊት አጋጥሟል።

ጠባሴ አናጢ ቤት

ዋስ የተባለው ሰው ነገ ይመጣል፣ ወረቀቱን እያዘጋጀን ነው። አይሱዙውን እኩል ልንካፈል ነው፤ 1,750 በእኛ፣ ቀሪው 45,750 ሆኖ በ47 ሥር የሚያርም መስመር ገብቷል። የሶፋው ደንበኛ 10,000 ተመልሶበታል፣ እሱን ገና አልነገርነውም። እንዴት ብለን እንደምንነግረው ሐሳብ ያለው ካለ?